በሐር ሻርፕ ላይ የሚቀረው የውሃ ምልክት

ሐር ለወንዶች የተከለከለ፣ ለሴቶች ግን የተፈቀደ ልብስ እንደመሆኑ በዱርቤቴና በአካባቢዋ በብዙ ቤት ለዒድና ለኒካሕ ቀን ተጠብቆ ከሣጥን የሚወጣ አንድ የሐር ሻርፕ አይጠፋም። እህቶቻችን ግን ይህን ሻርፕ ሲለብሱ አንድ ነገር ያስቸግራቸዋል። ከውዱእ በኋላ ከፊት የተንጠባጠበ ውሃ ወይም መንገድ ላይ የያዛቸው ካፊያ ሲደርቅ ጨርቁ ላይ ክብ ምልክት ትቶ ይቀራል። ንጹሕ ውሃ እንዴት ያቆሽሻል ብለን እንጠይቅ ይሆናል።

መልሱን ለማግኘት ረከቦት ላይ የፈሰሰ ቡና ሲደርቅ እንመልከት። መሐሉ ሳስቶ ጠርዙ ይጠቁራል። ጠብታው ሲደርቅ በውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ዳር እየገፋ እዚያው ይተወዋል። በሐር ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። የጉድጓድና የምንጭ ውሃ ከአፈርና ከድንጋይ ያሟሟው ማዕድን አለው። ሐሩም በፋብሪካ የተቀባው ማጠንከሪያ ወይም በደንብ ያልያዘ ቀለም ሊኖረው ይችላል። ጠብታው እነዚህን ሰብስቦ በዳሩ ላይ ያስቀምጣቸዋል። እንግዲህ ችግሩ የውሃው ዳር ስለሆነ መፍትሔው ዳሩን ማጥፋት፣ ማለትም ጨርቁን ሁሉ እኩል ማራስ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር እንፈትሽ። መጀመሪያ ጨርቁ እውነተኛ ሐር መሆኑን ነው። ከጫፉ አንድ ክር መዝዘን እናቃጥል። ሐር እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረፍራል። ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ከሆነ ሰው ሠራሽ ነው። ሁለተኛው ቀለሙ ነው። የማይታይ ጠርዙን አርሰን በነጭ ጥጥ ጨርቅ እንጫነው። ጥጡ ቀለም ከያዘ ቤት ውስጥ አንጠበው።

አሁን ሦስት ነጭ ክቦች ያሉበትን፣ ቀለሙ የማይለቅ ጥቁር አረንጓዴ ሻርፕ እንውሰድ። በቅድሚያ ሻርፑ ደረቅ እንዳለ ምልክቱን በራሱ በሻርፑ ሌላ ጫፍ ቀስ ብለን እንሸው። ምልክቱ ከማጠንከሪያው የመጣ ከሆነ በዚህ ብቻ የሚለቅበት ጊዜ አለ። ካልለቀቀ ወደ ማጠብ እንሄዳለን።

4 ሊትር ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ በንጹሕ ሳፋ እናዘጋጅ። ክረምት ከሆነ የዝናብ ውሃ ከሁሉ ይሻላል፤ ማዕድን የለውምና። ከቆርቆሮ ጣሪያ ስንቀበል ግን የመጀመሪያውን ዝናብ እናሳልፍ፤ አቧራና ዝገት ይዞ ይወርዳል። ውሃው ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ የፀጉር ሻምፖ እንበጥብጥ። የልብስ ሳሙናና የዱቄት ሳሙና አይሆንም። ሐር እንደ ፀጉር ከእንስሳ የተገኘ ነውና ጠንካራ ሳሙና ያደርቀዋል፤ ድምቀቱንም ይወስድበታል። በረኪና ደግሞ ጨርቁን ራሱን ይበላዋል።

ሻርፑን በሙሉ አንድ ጊዜ እናጥልቀው፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በእጃችን ቀስ ብለን እናንቀሳቅሰው። አንፈትገው። ከዚያ በንጹሕ ውሃ እናለቅልቀው። ቀጥሎ በ4 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ነጭ አቼቶ ጨምረን እንንከረው። ማዕድኑንና የሳሙናውን ቅሪት የሚያስለቅቀው ይህ ነው። በመጨረሻም እንደገና በንጹሕ ውሃ እናለቅልቀው።

መጭመቅ ሐርን ይጎዳል፤ እርጥብ ሐር ደካማ ነው። ይልቁንም በንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርግተን እንደ እንጀራ እንጠቅልለውና በእጃችን እንጫነው። ከዚያ ከፀሐይና ከምድጃ ጭስ ርቆ ጥላ ላይ ይሰጣ። ገመዱ የዛገ ሽቦ ከሆነ ቡናማ መስመር ይተዋል።

ካውያ የምንተኩሰው ሻርፑ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ በጀርባው በኩል፣ ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አልብሰን ነው። የከሰል ካውያ ከሆነ አመዱን አራግፈን ሙቀቱን በሌላ ጨርቅ እንሞክር። ሻርፑ ከደረቀ በኋላ በእጅ ውሃ እየረጩ መተኮስ ግን ያጠፋነውን ምልክት በአዲስ ይተካዋል። ይልቅ እርጥብ ፎጣ ውስጥ ጠቅልለን ጥቂት ብናቆየው እኩል ይርሳል።

ይህን ሁሉ አድርገን ክቡ ካልጠፋ ምናልባት ቀለሙ ራሱ ከቦታው ተነሥቷል፤ ያንን መልሶ የሚያመጣ እጥበት የለም። የወርቅ ክር ወይም ገበር ያለውን ቀሚስም በትልልቅ ከተሞች ላሉ ላውንደሪዎች መስጠት ይሻላል።

ጠብታ ገና ሲያርፍ ካየነው ነገሩ ቀላል ነው። አንሸው፤ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጫን አድርገን እናስመጥጠው። ውዱእ ስናደርግም ሻርፑን አውልቀን አስቀምጠን፣ ፊትና ክንዳችንን አድርቀን ብንለብሰው አብዛኛው ምልክት ከመጀመሪያውም አይመጣም።