ከሰርተፊኬት ባሻገር፦ የአንዲት ነርስ የትምህርት ማኅደር

በብሪታንያ የሚሠራ ነርስ የሙያ ምዝገባውን በየ3 ዓመቱ ያድሳል። የአገሪቱ የነርሶችና የአዋላጆች ምክር ቤት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ፣ ነርሱ በ3 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 35 ሰዓት መማር፣ ከዚያም 20ውን ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር እየተወያየ መማር አለበት። ከሥራው የተማረውን የሚተርኩ 5 አጫጭር ጽሑፎችም ይጠየቃል። ይህ ሁሉ የሚሰበሰብበት ማኅደር ብዙ ጊዜ የሰርተፊኬት ክምር ሆኖ ይቀራል። ሰርተፊኬት ደግሞ ሰውየው ስልጠናው ላይ መቀመጡን እንጂ በታካሚው አልጋ ዘንድ ምን እንደተለወጠ አይናገርም።

ለንደን ውስጥ በአረጋውያን ክፍል የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት ነርስ እናስብ። ከብዙ መተኛት የሚመጣው ቁስል ከመከፈቱ በፊት ቆዳው ይቀላል፤ ቅላቱ በጣት ሲጫኑት አይጠፋም። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ይህ ቅላት ላይታይ ይችላል። የአንድ ጥቁር ታካሚ ተረከዝ ቁስሉ ከተከፈተ በኋላ ብቻ መታወቁ ነርሷን አሳስቧታል። ታዲያ ግቧን «ስለ አልጋ ቁስል እውቀቴን አሳድጋለሁ» ብላ ብትጽፍ መድረሷን በምን ታውቃለች? «በ3 ወር ውስጥ የምቀበላቸውን ጥቁር ታካሚዎች ተረከዝና መቀመጫ ዳስሼ፣ ሙቀቱን፣ ጥንካሬውንና ሕመሙን በአቅራቢያው ካለው ቆዳ ጋር አወዳድሬ እመዘግባለሁ» ካለች ግን ሊመረመር የሚችል ግብ አላት።

ብቻዋን ያነበበችበት 2 ሰዓት ከ35ቱ ይቆጠርላታል፤ ከ20ዎቹ ግን አይገባም። በቁስል እንክብካቤ ላይ የተካነች ነርስ ያሠለጠነቻቸው፣ ተሳታፊዎቹ የተወያዩበት 3 ሰዓት በሁለቱም ይገባል። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ርዕሱን ትጽፋለች። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ከራሷ መዝገብ የሚወጣው ነው፦ ከስልጠናው በፊት ከተቀበለቻቸው 20 ታካሚዎች የ4ቱን፣ በኋላ ከተቀበለቻቸው 20 ደግሞ የ15ቱን ቆዳ ዳስሳ መዝግባለች እንበል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የታካሚ ስም ወይም የካርድ ቁጥር ማኅደሩ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ ያልተለመደ በሽታን መጥቀስም ሰውየውን ሊያሳውቅ ይችላል።

«ስልጠናው በጣም ጠቃሚ ነበር» የሚል ጽሑፍ ምንም አያስተምርም። እኔ የማደንቀው ስለ ቀሩት 5 ታካሚዎች የሚጠይቀውን ነው። ነርሷ መዝገቡን ስታገላብጥ አምስቱም ማታ፣ ሥራ በተደራረበበት ሰዓት የገቡ ሆነው አገኘቻቸው። የመቀበያ ቅጹ ስለ ቆዳ ቀለም እንጂ ስለ ሙቀትና ጥንካሬ አይጠይቅም፤ ስትቸኩል የምትሞላው ቅጹ የጠየቃትን ብቻ ነበር። የክፍሉን ኃላፊ አነጋግራ በቅጹ ላይ አንድ መስመር አስጨመረች።

ደንቡ እነዚህን ጽሑፎች በምክር ቤቱ ከተመዘገበ ሌላ ባለሙያ ጋር መወያየትንም ይጠይቃል። የሥራ ባልደረባዋ «ቁስሉስ ቀነሰ?» ብትላት፣ በ20 ታካሚ ይህን ማለት እንደማይቻል መመለስ አለባት። እስካሁን የተለወጠው አመረማመሯ ነው። የሚቀጥለው ግቧ በአዲሱ ቅጽ የማታ ታካሚዎችን መዝገብ እንደገና መቁጠር ይሆናል።