ወሰን ላይ የሚቆም ምሰሶ በምን ላይ ያርፋል?

በከተማ መሀል ያለ ቦታ ጠባብ ነው፤ ባለቤቱም አንዲት ክንድ መሬት እንድትባክንበት አይፈልግም። ስለዚህ የሕንጻው ግድግዳ እስከ ጎረቤት ወሰን ይጠጋል፤ የጠርዙ ምሰሶም (ሳይት ላይ ኮለን የሚባለው) ውጫዊ ፊቱ ከወሰኑ መስመር ጋር ገጥሞ ይቆማል። ከመሬት በላይ ይህ ምንም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከመሬት በታች ነው። ምሰሶ የሚያርፍበት የኮንክሪት ንጣፍ፣ ማለትም ፉቲንግ ፓዱ፣ ከምሰሶው ዙሪያ በሁሉም አቅጣጫ እኩል መዘርጋት ይፈልጋል፤ በአንዱ በኩል ግን ያለው የሰው ይዞታ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የጠርዙ ምሰሶ 60 ቶን ይሸከማል እንበል፤ ከእሱ 5 ሜትር ወደ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ምሰሶ ደግሞ 90 ቶን። ሁለቱም 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ናቸው። አፈሩ፣ የፓዱን የራሱን ክብደት ሳንቆጥር፣ በካሬ ሜትር 20 ቶን ይችላል። የጠርዙ ምሰሶ 3 ካሬ ሜትር ፓድ ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ በአራት ማዕዘን ሲሰላ ጎኑ 1.75 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ምሰሶውን መሀል ላይ ብናቆመው ፓዱ ወደ ጎረቤት ግቢ ከ67 ሳንቲ ሜትር በላይ ይገባል። ይህ አይፈቀድም።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት መፍትሔ ያንኑ ፓድ ወደ ውስጥ ገፍቶ ምሰሶውን ጠርዙ ላይ መትከል ነው። ስፋቱ ስላልተቀነሰ አፈሩ የሚበቃው ይመስላል። ግን አይበቃውም። ሸክሙ ጫፍ ላይ ስለሚያርፍ ፓዱ በወሰኑ በኩል ይሰምጣል፣ በውስጥ በኩል ከአፈሩ ይላቀቃል። ስሌቱ እንደሚያሳየው ሸክሙን በትክክል የሚቀበለው ከወሰኑ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው አፈር ብቻ ነው፤ ጫፉ ላይም ግፊቱ በካሬ ሜትር ወደ 114 ቶን ይደርሳል። አፈሩ ከሚችለው ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። ፓዱ ወደ ጎረቤት ያዘነብላል፣ የምሰሶው እግር ይጣመማል። ሕንጻው ካለቀ በኋላ ይህ የሚታወቀው በጠርዙና በሁለተኛው ምሰሶ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ሲወጣ፣ በዚያ አካባቢ ያሉ በሮችም አልዘጋ ሲሉ ነው።

መድኃኒቱ የጠርዙን ምሰሶ ከውስጠኛው ምሰሶ ጋር ማስተባበር ነው፤ ይህም በሁለት መንገድ ይሠራል።

አንደኛው ኮምባይንድ ፉቲንግ ነው፤ ሁለቱን ምሰሶዎች አንድ ረጅም ፓድ ላይ ማሳረፍ። ዋናው ደንብ የፓዱ መሀል ከሁለቱ ሸክሞች የጋራ ማዕከል ጋር መግጠሙ ነው። በእኛ ምሳሌ 150 ቶኑ በአንድነት የሚያርፍበት ነጥብ ከወሰኑ 3.2 ሜትር ላይ ይገኛል። ፓዱ ከወሰኑ ስለሚጀምር ርዝመቱ የዚህ እጥፍ፣ 6.4 ሜትር ይሆናል፤ ስፋቱም 1.2 ሜትር ይበቃዋል። አፈሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይጫናል፣ ፓዱም ምንም አያዘነብልም። ሸክሞቹ ቢገላበጡ፣ ማለትም 90ው ጠርዝ ላይ 60ው ውስጥ ቢሆን፣ ማዕከሉ ወደ ወሰኑ ይጠጋና 2.2 ሜትር ላይ ያርፋል። ርዝመቱ 4.4 ሜትር ብቻ ይሆናል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ምሰሶ ግን ከወሰኑ 5.2 ሜትር ላይ ስለሆነ ፓዱ አይደርስለትም። ያን ጊዜ ፓዱ በወሰኑ በኩል ሰፍቶ ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሠራል።

ሁለተኛው መንገድ ስትራፕ ይባላል። እያንዳንዱ ምሰሶ የራሱ ፓድ ይኖረዋል፤ ሁለቱን ፓዶች ግን አንድ ጠንካራ ቢም ያገናኛቸዋል። እግሮቹ ከጫፍ ገባ ብለው የተተከሉ አግዳሚ ወንበር አስቡ፦ አንድ ሰው ጫፉ ላይ ብቻውን ቢቀመጥ ወንበሩ ይገለበጣል፤ በሌላው ጫፍ ከበድ ያለ ሰው ካለ ግን ረግቶ ይቆማል። ስትራፕ ቢሙም የውስጠኛውን ምሰሶ ክብደት ተጠቅሞ የጠርዙን ፓድ ከማዘንበል ያግደዋል።

የጠርዙን ፓድ ከወሰኑ ወደ ውስጥ 1.6 ሜትር እናርገው። መሀሉ ከምሰሶው መሀል 60 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ሚዛኑ ሲሠራ ይህ ፓድ ወደ አፈሩ የሚያስተላልፈው 60 ሳይሆን 68 ቶን ያህል ሆኖ ይገኛል፤ ለ60 ቶን ብቻ የተሰላ ፓድ እንግዲህ አነስተኛ ነው። 1.6 በ2.2 ሜትር ይበቃዋል፤ ረጅሙ ጎን ወሰኑን ተከትሎ ይሄዳል። የተጨመረው 8 ቶን የመጣው ከውስጠኛው ነው፤ የእሱ ፓድ የሚቀበለው 82 ቶን ይሆናል፣ 2.1 በ2.1 ሜትርም ይበቃዋል። ውስጠኛው ምሰሶ በጣም ቀላል ሸክም ያለው ቢሆን ግን ቢሙ ሊያነሳው ስለሚችል፣ መሐንዲሱ ይህን የሚያረጋግጠው በሕንጻው ቋሚ ክብደት ብቻ ነው። ሰውና ዕቃ አንድ ቀን ይኖራሉ፣ ሌላ ቀን አይኖሩም።

የትኛው ይሻላል? በ5 ሜትር ርቀት እኔ ስትራፑን እመርጣለሁ። በኮምባይንዱ ውስጥ ፓዱን የሚያጎብጠው ጉልበት ወደ 65 ቶን ሜትር ሲደርስ፣ በስትራፑ ውስጥ ግን ወደ 30 ብቻ ነው፤ ብረቱም ኮንክሪቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ምሰሶዎቹ ተቀራርበው ሁለቱ ፓዶች ሊነካኩ ሲደርሱ ወይም አፈሩ ደካማ ሆኖ ሰፊ ፓድ ሲጠይቅ ኮምባይንዱ ይቀላል።

ስትራፕ በወረቀት ላይ ትክክል ሆኖ ሳለ ሳይት ላይ በተደጋጋሚ ይበላሻል። ዋናው ምክንያት ብረቱ የሚገባበት ቦታ ነው። ፌራዮው ዘመኑን ሁሉ የለመደው ወፍራሙን ፌሮ ከቢሙ ሥር ማድረግን ነው፤ ቤት ውስጥ ያለ ቢም ወደ ታች ስለሚጎብጥ ልክ ነው። ስትራፕ ግን ምሰሶው ጫፉን ወደ ታች እየተጫነው፣ አፈሩ ከውስጥ በኩል ወደ ላይ ስለሚገፋው፣ የሚሳበው ከላይ ነው። ስለዚህ ወፍራሙ ብረት ከላይ ይሆናል። ለምሳሌያችን 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ላለው ቢም ባለ 20 ስድስት ፌሮ ተቀራራቢ ግምት ነው፤ ጫፉም ከምሰሶው ውጫዊ ፊት ድረስ ሄዶ ወደ ታች መታጠፍ አለበት። ስታፋው የሚጠጋጋው ከጠርዙ ምሰሶ ጀምሮ በፓዱ ውስጥ ነው፤ ቢሙን ሊቆርጠው የሚሞክረው ትልቁ ኃይል ያለው እዚያ ስለሆነ። በጠርዙ ፓድ ውስጥ ደግሞ ዋናው ብረት ከሥር ሆኖ ወሰኑን ተከትሎ ይነጠፋል፤ ፓዱ ከቢሙ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ክንፍ ነውና።

ሁለተኛው ስሕተት ቢሙን በተጠቀጠቀ አፈር ላይ ማፍሰስ ነው። አፈሩ ቢሙን ከሥር ከደገፈው የተሰላው ሚዛን ይፈርሳል፤ ስለዚህ በሁለቱ ፓዶች መካከል ከቢሙ ሥር ልል አፈር ወይም ፎም ይደረጋል። ሦስተኛው፣ ከወለሉ ሥር ያለውን ቀጭን ግራውንድ ቢም እንደ ስትራፕ መቁጠር ነው። እሱ ግድግዳ ለመሸከም የተሠራ ስለሆነ 30 ቶን ሜትር ቢጫንበት ይሰበራል።

ቦታዎ ላይ ወሰን የነካ ምሰሶ ካለ የመሠረቱን ፕላን ከመሐንዲሱ ጋር ይዩት፤ ያ ምሰሶ ብቻውን የቆመ ፓድ ላይ ተስሎ ከሆነ ምክንያቱን ይጠይቁ። ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊትም ጉድጓዱ ድረስ ወርደው የስትራፑ ወፍራም ፌሮ ከላይ መሆኑን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ከፈሰሰ በኋላ ማየት አይቻልም።