የዛሬው ጥናት ሲቀር

በአዲስ አበባ ቤት ለቤት የሚያስጠና ሰው ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በወር ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ሲቀር ወላጅ «የከፈልኩበት ሰዓትስ?» ማለቱ አይቀርም። ይቅርታ ብቻውን ለዚህ መልስ አይሆንም።

ጥናቱ 11 ሰዓት ላይ ነው እንበል፤ አስጠኚው 8 ሰዓት ላይ ትኩሳት ያዘው። ወዲያው ለልጁ እናት ይደውላል። ካላነሱ እንዲህ ይጽፋል፦

«እንደምን ዋሉ? ስላመመኝ ዛሬ 11 ሰዓት መምጣት አልቻልኩም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሐሙስ 11 ሰዓት ወይስ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ይሻላችኋል? ማካካሻ ስለሆነ ተጨማሪ ክፍያ የለውም። እስከዚያ ልጁ የክፍልፋይ መልመጃውን ይሥራ።»

የሕመሙ ዝርዝር አያስፈልግም። «ሲመቻችሁ ንገሩኝ» ማለት ግን ስህተት ነው። ቀን የመፈለጉን ሥራ ባልቀረው ሰው ላይ ይጥላል፤ ማካካሻውም ሳይደረግ ወሩ ያልቃል። ልጁ ነገ ፈተና ካለው ደግሞ ቅዳሜ አይጠቅመውም፤ አቅም ካለ ማታ ግማሽ ሰዓት በስልክ ማስረዳት ይሻላል።

አስጠኚዎች ሆይ፣ መልስ ካልመጣ 10 ሰዓት ላይ ደግማችሁ ደውሉ። ልጁ ደብተሩን ዘርግቶ በር በር እያየ አይጠብቃችሁ።