መጀመሪያ ነጥቡ፣ ከዚያ ካፒታሉ

የግዕዝ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ እንግሊዝኛ የሚማር የሁለተኛ ክፍል ልጅ አራት ነጥብን ቢያውቅም ካፒታል ሌተር አዲስ ነገር ይሆንበታል። ጥሩው መልመጃ ሆን ተብሎ የተበላሸ አጭር ጽሑፍ ሰጥቶ ማሳረም ነው።

ሁሉም በትንሽ ፊደል፣ ያለ አንድም ነጥብ እንዲህ ተጽፏል እንበል፦ «ማይ ሲስተር ሃና ሃዝ ኤ ዶግ ኢት ኢዝ ብላክ ዊ ፕሌይ ኦን መንደይ»። ልጁ ድምፁን አውጥቶ ያንብብ። ሐሳቡ ያለቀበት ቦታ ላይ ቆም ብሎ በቀይ እርሳስ ነጥብ ያድርግ፤ ከ«ዶግ»፣ ከ«ብላክ» እና ከ«መንደይ» በኋላ ሦስት ነጥቦች ያገኛል። ካፒታሉ ከነጥቡ ቀድሞ መፈለግ የለበትም፤ አዲሱ ዓረፍተ ነገር የት እንደሚጀምር የሚነግረው ነጥቡ ነውና። አሁን «ማይ»፣ «ኢት» እና «ዊ» በካፒታል ይጀምራሉ። በመጨረሻ የሰውና የቀን ስም ይፈለጋል፤ «ሃና» እና «መንደይ»። በድምሩ 8 እርማት ነው። ቁጥሩን አስቀድሞ መንገር ልጁ ቶሎ ጨረስኩ እንዳይል ይረዳል።

በእያንዳንዱ መስመር ጫፍ ነጥብ ካስቀመጠ የሚከተለው የወረቀቱን ጠርዝ እንጂ ሐሳቡን አይደለም። ያኔ ጽሑፉን ዓረፍተ ነገሩ መስመር መሃል እንዲያልቅ አድርጎ እንደገና መጻፍ ያዋጣል። በቃል መሃል ትልቁን «ቢ» የሚጽፍ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንሹ «ቢ» ከትንሹ «ዲ» ጋር ተምታቶበት ነው፤ የሚያስፈልገው የፊደል አጣጣል ልምምድ ነው።

የሌላውን ስህተት የሚያይ ልጅ የራሱን ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ትናንት የጻፈውን ደብተር በዚሁ ቅደም ተከተል ያርም።