በኤጀንሲ ወይም በሥራ ተቋራጭ በኩል ለሚሠሩ ሠራተኞች አሠሪው ማን ነው?

በባንኮች፣ በሆስፒታሎች፣ በፋብሪካዎችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የጥበቃ፣ የጽዳት፣ የጭነትና የመሳሰሉ ሥራዎችን የሚያከናውኑ በርካታ ሠራተኞች በየዕለቱ የሚገቡበት ተቋም ቀጣሪያቸው አይደለም። የሚቀጥራቸው ኤጀንሲ ወይም የአገልግሎት ሰጪ ድርጅት ነው፤ ሥራቸውን የሚያገኘው ደግሞ ሌላ ድርጅት ነው። ይህ አሠራር በሕግ የተፈቀደ ነው። ችግር የሚነሳው ደመወዝ ሲዘገይ፣ ጉዳት ሲደርስ ወይም ሥራው ሲቋረጥ፣ ሠራተኛው ወደ አንዱ ሲሄድ «አሠሪህ ያኛው ነው» እየተባለ ሲመላለስ ነው። በተለይ ተቋሙ ነባሩን አገልግሎት ሰጪ በሌላ ሲተካ፣ ሠራተኞች የዓመታት መብታቸውን ሳያውቁት የሚያጡበት አጋጣሚ አለ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ሊሰጣቸው የሚችሉ ሁለት ዓይነት አገልግሎቶችን ለይቶ ያስቀምጣል። በመጀመሪያው ኤጀንሲው ሥራ ፈላጊንና አሠሪን ያገናኛል እንጂ በሥራ ውሉ ውስጥ ተዋዋይ አይሆንም። በዚህ ጊዜ አሠሪው ሠራተኛውን ተቀብሎ የቀጠረው ድርጅት ነው፤ የኤጀንሲው ሚናም በማገናኘቱ ያበቃል። በሁለተኛው ግን ኤጀንሲው ራሱ ከሠራተኛው ጋር የሥራ ውል ይዋዋልና ለሦስተኛ ወገን፣ ማለትም ለአገልግሎት ተጠቃሚው ድርጅት፣ ያሰማራዋል። በዚህ ጊዜ አሠሪው ኤጀንሲው ነው። የጽዳት ወይም የጥበቃ አገልግሎት በጨረታ አሸንፎ በራሱ ሠራተኞች የሚያከናውን ተቋራጭም እንዲሁ የሠራተኞቹ አሠሪ ነው። አገልግሎቱ የሚሰጠው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ቢሆንም ሠራተኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች አይሆኑም፤ የሚተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ ነው።

በሁለቱም ዓይነት አገልግሎት ኤጀንሲው ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል አይችልም። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 መሠረታዊ መርህም ይኸው ነው። የኤጀንሲው ገቢ የሚመነጨው ከተጠቃሚው ድርጅት ነው። «የማስገቢያ» ወይም «የመጀመሪያ ወር ኮሚሽን» ተብሎ ከሠራተኛው የሚጠየቅ ገንዘብ ሕጋዊ መሠረት የለውም።

አሠሪ መሆን ምን ያስከትላል?

የሥራ ውሉን የፈረመው ኤጀንሲ ወይም ተቋራጭ ደመወዝ የመክፈል፣ የዓመት እረፍት የመስጠት፣ የትርፍ ሰዓት የመክፈልና ሥራው ሲቋረጥ የሥራ ልምድ ማስረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት። ከደመወዙ ላይ 7 በመቶ የሠራተኛውን የጡረታ መዋጮ ቀንሶ፣ ከራሱ 11 በመቶ ጨምሮ ለሚመለከተው የጡረታ አስተዳደር ገቢ የማድረግ ኃላፊነትም የእርሱ ነው። በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በአዋጁ መሠረት ኃላፊ ይሆናል። ጉዳቱ የደረሰው በተጠቃሚው ድርጅት ቅጥር ግቢ ውስጥ መሆኑ አሠሪውን ከዚህ ኃላፊነት አያወጣውም። ተጠቃሚው ድርጅት በራሱ ጥፋት፣ ለምሳሌ የተበላሸ የኤሌክትሪክ መስመር ሳያስጠግን በመተው፣ ጉዳት አድርሶ ከሆነ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ለብቻው ሊጠየቅ ይችላል።

«ደንበኛው ስላልከፈለን ደመወዝ ዘገየ» የሚለው ምላሽ በተደጋጋሚ ይሰማል። በኤጀንሲውና በተጠቃሚው ድርጅት መካከል ያለው ውል የንግድ ውል ነው፤ ሠራተኛው በዚያ ውል ውስጥ የለበትም። ስለዚህ የክፍያ መዘግየቱ በሁለቱ ድርጅቶች መካከል የሚፈታ ጉዳይ እንጂ ደመወዝ ላለመክፈል ምክንያት አይሆንም።

አንዳንድ ጊዜ አሠሪው ማን እንደሆነ ከወረቀቱ በግልጽ አይታወቅም። ሠራተኛው በቃል ብቻ ተቀጥሮ ሊሆን ይችላል። የሥራ ውል በጽሑፍ ባይደረግም አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ አለመስጠቱ ግን የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። እንዲህ ባለ ጊዜ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ፣ በባንክ ሒሳብ ላይ የላኪው ስም፣ መታወቂያ ካርድ፣ የዲሲፕሊን ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዲሁም የጡረታ መዋጮው በየትኛው ድርጅት ስም ገቢ እንደሆነ የሚያሳይ መረጃ ዋነኛ ማስረጃዎች ናቸው። የጡረታ መረጃው በተለይ ጠቃሚ ነው። ሠራተኛው በደመወዝ ሰነዱ ላይ 7 በመቶ እየተቀነሰ፣ ነገር ግን ገንዘቡ ገቢ ሳይደረግ የቀረበት ሁኔታ ካለ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ተቋሙ አገልግሎት ሰጪውን ሲቀይር

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መስከረም 1 ቀን 2014 በአንድ ኤጀንሲ ትቀጠራለች፤ የሥራ ቦታዋ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ነው። ውሏ የሚያበቃበት ቀን አልተጻፈበትም። የወር ደመወዟ 4,500 ብር ነው። ባንኩ በጨረታ ሌላ ድርጅት ይመርጥና የቀድሞው ኤጀንሲ አገልግሎት ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ያበቃል። የኤጀንሲው ተወካይ «ሥራችሁ አይቋረጥም፤ አዲሱ ድርጅት ይረከባችኋል፤ እናንተ የመልቀቂያ ደብዳቤ ብቻ ጻፉ» ይላል። ሠራተኛዋ መስከረም 1 ቀን ያንኑ ቅርንጫፍ በዚያው መጥረጊያ ማጽዳቷን ትቀጥላለች።

ከውጭ ሲታይ ምንም አልተለወጠም። በሕግ ዓይን ግን አሠሪዋ ተቀይሯል። አዋጁ የድርጅት ባለቤትነት ወደ ሌላ ሲተላለፍ የሥራ ውል እንደማይለወጥ ይደነግጋል፤ ነገር ግን በዚህ ምሳሌ የተላለፈ ድርጅት የለም። አንዱ ኤጀንሲ ደንበኛ አጣ፣ ሌላው አገኘ። ስለሆነም አዲሱ ድርጅት የቀድሞ አገልግሎቷን እንደሚይዝላት በጽሑፍ ካልተስማማ በስተቀር፣ በመርህ ደረጃ የአገልግሎት ዘመኗ ከዜሮ ይጀምራል። የሦስቱ ዓመታት መብት የሚጠየቀው ከቀድሞው ኤጀንሲ ነው።

እዚህ ላይ የመልቀቂያ ደብዳቤው ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በአዋጁ መሠረት ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የሥራ ስንብት ክፍያ ለማግኘት ቢያንስ አምስት ዓመት ማገልገል ይጠበቅበታል። ሠራተኛዋ ያገለገለችው ሦስት ዓመት ነው። ደብዳቤውን ከፈረመች «በፈቃዷ ለቀቀች» የሚል ማስረጃ በእጇ ሰጠች ማለት ነው፤ የስንብት ክፍያዋንም ልታጣ ትችላለች። ባትፈርም ግን ሥራውን ያቋረጠው ኤጀንሲው መሆኑ ግልጽ ሆኖ ይቆያል።

ደብዳቤውን ሳትጽፍ ከተሰናበተች የሥራ ስንብት ክፍያዋ እንዲህ ይሰላል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን፣ ለቀላልነት የወር ደመወዟ ተወስዶ 4,500 ብር ይሆናል። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 1,500 ብር ይጨመራል። ለሦስት ዓመት ድምሩ 7,500 ብር ነው። ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ የሚሰጠው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሁለት ወር ስለሆነ፣ ኤጀንሲው ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ አሰናብቷት ከሆነ የሁለት ወር ደመወዝ፣ 9,000 ብር፣ ልትጠይቅ ትችላለች። ያልተጠቀመችበት የዓመት እረፍትም በገንዘብ ይታሰብላታል። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ በፍርድ ቤት ከተወሰነ የሚከፈለው ካሳ ከእነዚህ የተለየ ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ሲሆን ነው። ብዙ ኤጀንሲዎች «ከደንበኛው ጋር ያለን ውል ሲያበቃ ይህ ውል ይቋረጣል» የሚል አንቀጽ ያስገባሉ። ሕጉ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ ነው ብሎ ይገምታል፤ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ሥራ መዋዋል የሚቻለውም በአዋጁ በተዘረዘሩ ሁኔታዎች ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አንቀጽ ያለበት ውል ከእነዚህ ሁኔታዎች በአንዱ ሥር ይወድቃል ወይስ አይወድቅም የሚለው አከራካሪ ሊሆን የሚችል ነጥብ ነው፤ የሥራው ባሕርይና ውሉ ስንት ጊዜ እንደታደሰ መታየቱ አይቀርም። ስለዚህ አንቀጹ በውሉ ውስጥ መኖሩ ብቻ ሠራተኛው ምንም መብት የለውም ማለት አይደለም።

ኤጀንሲው ሠራተኛዋን ከማሰናበት ይልቅ ወደ ሌላ ደንበኛ ሊመድባት ይችላል። በዚህ ጊዜ የሥራ ውሏ ይቀጥላል፤ አገልግሎቷም አይቋረጥም። ምደባውን ሳታሳውቅ ትታ ከቀረች ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ መቅረት ውሉን ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆን ስለሚችል፣ ቅሬታ ካላት በጽሑፍ ማቅረብ ይኖርባታል። ቦታው ሩቅ በመሆኑ ወይም ደመወዙ በመቀነሱ የቀረበ ቅሬታ በቃል ከቀረ በኋላ ለማስረዳት ያስቸግራል።

አቤቱታ የሚቀርብበት ጊዜና ቦታ

ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ፣ የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ከውል መቋረጥ ጋር የተያያዙ ክፍያዎች ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በምሳሌው ያለችው ሠራተኛ ወደ ሥራ መመለስን የምትጠይቅ ከሆነ እስከ ታኅሣሥ 2017 መጀመሪያ፣ ክፍያን ከሆነ እስከ መጋቢት 2017 መጀመሪያ ብቻ ጊዜ አላት። «ቆይ፣ ከደንበኛው ገንዘብ ስናገኝ እንከፍላለን» የሚል የቃል ተስፋ ይርጋውን አያቆመውም። ኤጀንሲው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ግን ይርጋው ይቋረጣል።

አቤቱታ በመጀመሪያ በሚኖርበት ክልል ወይም ከተማ አስተዳደር ለሚገኘው የሥራና ክህሎት መዋቅር፣ ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ማቅረብ ይቻላል። ሠራተኛው የሥራ ውሉን ወይም ከላይ የተጠቀሱትን ማስረጃዎች፣ የደመወዝ ሰነዶችንና የተሰጠው ደብዳቤ ካለ ይዞ መቅረብ አለበት። በስምምነት ካልተፈታ ጉዳዩ ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይቀርባል፤ ሠራተኛው ለዚህ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። አሠሪው ማን እንደሆነ በግልጽ በማይታወቅበት ጊዜ ኤጀንሲውንም ተጠቃሚውን ድርጅትም በክሱ ውስጥ ማካተት ይቻላል፤ ኃላፊው የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው።