ሃርድ ዲስኩ ጉለሌ፣ ቅጂው ሜሪላንድ

መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ከእኩለ ሌሊት በኋላ በፈረንሳይዋ ስትራስቡርግ ከተማ እሳት ተነሣ። የተቃጠለው ኦቪኤች የተባለው ኩባንያ ሰርቨሮቹን ያስቀመጠበት ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ነበር። ሲነጋ ሕንፃው ከነሰርቨሮቹ ወድሟል። ዕቃቸው «ክላውድ ላይ ነው» ብለው ተኝተው ያደሩ ብዙ ደንበኞች የዚያን ዕለት ሁለት ዓይነት ዕጣ ገጠማቸው። በሌላ ከተማ ቅጂ ያስቀመጡት ሥራቸውን መልሰው ቀጠሉ። ዋናውንም ቅጂውንም በዚያው ግቢ ካስቀመጡት መካከል ግን ሁለቱንም በአንድ ሌሊት ያጡ ነበሩ።

ክላውድ የሚባለው ይኸው ነው፤ የሆነ አገር፣ የሆነ ሕንፃ ውስጥ ያለ የሌላ ሰው ኮምፒውተር። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ብዙ ሕንፃ ስላላቸው የአንድ ሰው ፎቶ በእሳት የመጥፋቱ ዕድል ጠባብ ነው። ቢሆንም «ሃርድ ዲስክ ልግዛ ወይስ ክላውድ ላይ ልጫን?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው የምመልሰው ከዚህ እሳት የተማርኩትን ነው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት እያንዳንዱ ቅጂ በምን ምክንያት ሊጠፋ እንደሚችል ነው። ሁለት ቅጂዎች በአንድ ምክንያት አብረው የሚጠፉ ከሆነ እንደ አንድ ይቆጠራሉ።

ነገሩን በአንድ ቤተሰብ እንየው። እናት ጉለሌ ይኖራሉ እንበል፤ አንድ ልጃቸው ሐዋሳ፣ አንዷ ደግሞ ሜሪላንድ። እናት ዘንድ በአልበም የተያዙ 1,200 ያህል የወረቀት ፎቶዎች፣ የሠርግና የክርስትና 14 የቪዲዮ ካሴቶች፣ እንዲሁም ዘመድ ከውጭ በድምፅ ቀድቶ ይልካቸው የነበሩ 20 የቴፕ ካሴቶች አሉ። በዚህ ላይ የሦስቱም ስልክ ፎቶና ቪዲዮ ይጨመራል። ወረቀቶቹ በደህና ስካነር ሲነሡ ወደ 5 ጊጋባይት ይሆናሉ። ሁለት ሁለት ሰዓት የሚረዝሙት የቪዲዮ ካሴቶች በሰዓት 2 ጊጋባይት ቢይዙ 56፣ የድምፅ ካሴቶቹ ሳይጨመቁ ቢገለበጡ 13፣ የስልኮቹ 180 ጊጋባይት ይደርሳሉ። ድምሩ 250 ጊጋባይት አካባቢ ነው። የቤተሰቡ የሠላሳ ዓመት ታሪክ ባለ አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሩቡን እንጂ አይሞላም።

ስለዚህ ቦታ አያንስም፤ የዲስኩ ችግር ሌላ ነው። በብዛት የሚሸጠው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ውስጥ በፍጥነት የሚዞር ሳህን አለ። የሚያነበው ጭንቅላት ከሳህኑ በላይ ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ክፍተት ላይ ይንሳፈፋል። እየሠራ ሳለ ከጠረጴዛ ቢወድቅ ጭንቅላቱ ሳህኑን ሊፍቀው ይችላል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ወይም ኬብሉ እየተገለበጠ ሳለ ሲነቀል የፋይሎቹ ማውጫ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ዴስክቶፕ ላይ ሳይሆን ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ላይ ይገልበጥ፤ ኬብሉም ኮምፒውተሩ እንዲለቀው ታዝዞ ብቻ ይነቀል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ወይም አንድን ፎልደር ለመክፈት ደቂቃዎች ከፈጀ፣ እየሞተ ነው። ያኔ ደጋግሞ ማስነሣት ጉዳቱን ያባብሳል፤ ነቅሎ ወደ ሌላኛው ቅጂ መሄድ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ያድነዋል የሚለውን ምክር አትስሙ፤ ጤዛው የቀረውን ይጨርሰዋል።

ሌላው የዲስክ ጠላት ሌባ ነው። ቤት የገባ ሌባ ላፕቶፑን ሲወስድ አጠገቡ ያለውን ዲስክም ይዞ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስም በዚያች ሰዓት የተሰካውን ዲስክ ሁሉ አብሮ ይቆልፋል። በአንድ መሳቢያ የተቀመጡ ሁለት ዲስኮችን ሁለት ቅጂ ብዬ የማልቆጥረው ለዚህ ነው።

ክላውድ እነዚህን ሁሉ ይሻገራል። ስልክ ቢሰረቅም ፎቶው አለ። የሚያሳስበኝ ግን ብዙ ሰው ስለ አንድ ነገር የተሳሳተ ግምት መያዙ ነው። ጉግል ፎቶስና አይክላውድ ስልኩንና ሰርቨሩን አንድ ዓይነት አድርገው ለማቆየት የተሠሩ ናቸው። እናት ስልካቸው ሲሞላባቸው ጉግል ፎቶስን ከፍተው የልጅ ልጃቸውን ቪዲዮዎች ቢሰርዙ፣ ቪዲዮዎቹ ከሰርቨሩም ይሰረዛሉ። ሰርቨር ላይ የተጫነው ፎቶ በጉግል ቅርጫት ውስጥ 60 ቀን፣ በአይክላውድ 30 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ስልኩን ብቻ ለማቅለል ጉግል ፎቶስ ራሱ Free up space የሚል ትእዛዝ አለው፤ እሱ ሰርቨር ላይ መግባታቸው የተረጋገጡትን ከስልኩ ብቻ ያነሣል። ይህችን ልዩነት ለእናት፣ ለአባት፣ ለአክስት ቁጭ ብሎ በስልካቸው ላይ ማሳየት ሌላ ዲስክ ከመግዛት ይቀድማል።

ሁለተኛው የክላውድ ችግር አካውንቱ ነው። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ሲሆን ኢሜይሉም ከዚሁ ይቆረጣል። ፎቶን ያለ ገደብ በነፃ መጫን ከግንቦት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል። አይክላውድ በነፃ የሚሰጠው 5 ብቻ ነው። ስለዚህ 250 ጊጋባይት ያለው ቤተሰብ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ መክፈል አለበት፤ አዲስ አበባ ላለ ሰው ይህ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነካ የጉግል አካውንት ከነይዘቱ ሊሰረዝ ይችላል። የአካውንቱ ባለቤት ቢያርፉ ወይም የማረጋገጫ ቁጥር የሚላክበት ስልክ ከእጃቸው ቢወጣ፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ልጅ እንኳ በሩ ላይ ሊቀር ይችላል። በዚህ ላይ ኢንተርኔት ሲቋረጥ አለ። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ እንደነበር የማያስታውስ የለም። በዚያ ጊዜ የሟች ፎቶ ለሐዘን ቤት ማውጣት የፈለገ ሰው የሚያገኘው ቤቱ ካለው ዲስክ ብቻ ነበር።

እንግዲህ የምሥጢሩ መፍቻ ሁለቱን በየሚሞቱበት ምክንያት ማጣመር ነው። ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ለሙያ ባልደረቦቹ የጻፈው ደንብ ዛሬም ይሠራል። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ይሁን፤ ቢያንስ አንዱ ከቤት ውጭ ይደር። ለዚህ ቤተሰብ አንዱ ዲስክ ጉለሌ፣ ሁለተኛው ሐዋሳ፣ ሦስተኛው ቅጂ በሜሪላንዷ ልጅ ስም በተከፈተ ክላውድ ላይ ይሆናል።

ግን 250 ጊጋባይት ከጉለሌ እንዴት ይጫናል? ሂሳቡ ቀላል ነው። የቤቱ ኢንተርኔት ወደ ላይ የሚልክበት ፍጥነት በሰከንድ 4 ሜጋቢት ከሆነ፣ ሳያቋርጥ ሌት ተቀን ቢሠራ ስድስት ቀን ሊሞላው ጥቂት ይቀረዋል። መብራትና መስመር በሚቆራረጥበት ቤት ደግሞ ሳምንታት ይወስዳል፤ በሞባይል ዳታ ከሆነም ወጪው አይቻልም። ሜሪላንድ ያለችው ልጅ ቤት 20 ሜጋቢት ቢኖር ያው ሥራ በ28 ሰዓት ያልቃል።

ስለዚህ ፋይሉ በሰው ይሂድ። ቡና፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸከም ዘመድ ወይም ጎረቤት የመዳፍ ስፋት ያላት ዲስክ አትከብደውም። በእጅ ሻንጣ ትያዝ፤ የሚጫነው ሻንጣ ይወረወራል፣ ይጠፋልም። ዲስኩ በ exFAT ይዘጋጅ፤ ልጅቷ ማክ ቢኖራት እናት ቤት ያለው ዊንዶውስ ቢሆን ሁለቱም ያነቡታል፣ ይጽፉበታልም። የፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የቤት ካርታ ስካኖች ግን ክፍት ሆነው በሰው እጅ አይሂዱ። እነሱን ብቻ በ7-Zip በይለፍ ቃል ቆልፎ ቃሉን በስልክ መንገር ይበቃል። ቃሉን ከቤተሰቡ ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቀው። ዋናው ዲስክ ከጉለሌ እንዳይነቃነቅ፤ የሚላከው ቅጂው ነው።

ከመላክ በፊት መገልበጡ በትክክል መፈጸሙ ይረጋገጥ። የፋይሉ ስም መታየቱ ይዘቱ ደህና መሆኑን አያሳይም። ፍሪፋይልሲንክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሁለት ፎልደሮችን File content በሚለው ምርጫ ፋይል በፋይል እያነበበ ያወዳድራል፤ ልዩነት ካለ ያሳያል። ለ250 ጊጋባይት ሰዓታት ይፈጃልና ማታ አስጀምሮ መተኛት ነው። ልጅቷም ጭና ስትጨርስ ከእያንዳንዱ ፎልደር ጥቂት ፎቶና ቪዲዮ ከክላውዱ አውርዳ ትክፈት። ፎቶ ስትጭን ጉግል ፎቶስ ላይ Original quality መመረጡን ትይ፤ Storage saver ከሆነ ከ16 ሜጋፒክስል በላይ የሆነው ፎቶ ይቀነሳል። እኔ ለማኅደር የምመርጠው ጉግል ድራይቭን ነው። ፎልደሩን እንዳለ ይይዛል፤ «1985 የእታባ ሠርግ» ተብሎ የተሰየመው በዚያው ስሙ ይቀመጣል። የእናት ስልክም በየቀኑ ከማይነካካው ቦታ ላይ ያርፋል።

አካውንቱ ሲከፈት ሁለት ነገሮች እዚያው ይፈጸሙ። ጉግል የሚሰጣቸው አሥር የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ታትመው ሐዋሳ ካለው ልጅ ዘንድ ይቀመጡ፤ የልጅቷ ስልክ ቢጠፋ መግቢያው እነሱ ናቸው። ከዚያ Inactive Account Manager በሚለው ገጽ አካውንቱ ለተወሰኑ ወራት ዝም ካለ ይዘቱ ለማን እንደሚደርስ የወንድሟ ስም ይሞላ።

ከዚህ በኋላ ሥራው በዓመት አንድ ቀን ነው። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ሐዋሳ ያለው ዲስክ ይመጣል። የዓመቱ ፎቶ በዓመቱ ስም በተከፈተ አዲስ ፎልደር በሁለቱም ዲስኮች ላይ ይጨመራል፤ አሮጌዎቹ ፎልደሮች አይነኩም። ሁለቱ ዲስኮች በፍሪፋይልሲንክ ይወዳደራሉ፤ በአንዱ ላይ የተበላሸ ፋይል ከተገኘ ከሌላው ይተካል። ባለፈው ዓመት ያልነበረ ድምፅ ወይም መዘግየት ያሳየው ዲስክ፣ ካልሆነም አምስት ዓመት የሞላው፣ በአዲስ ይለወጣል። ለአዲሱ ዓመት ፎልደር ብቻ 30 ወይም 40 ጊጋባይት ስለሚሆን ከጉለሌ በጥቂት ሌሊት ሊጫን ይችላል፤ ካልተቻለም ወደ ሜሪላንድ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ በፍላሽ ተቀድቶ ይጠብቃል።