ማይክሮሜትር የማያየው ጉብታ

6208 የሚል ቁጥር ያለው ኩሽኔታ በውሃ ፓምፕና በኤሌክትሪክ ሞተር ውስጥ የተለመደ ነው። ቀዳዳው 40 ሚሊ ሜትር፣ የውጪ ስፋቱ 80 ሚሊ ሜትር ነው። ጭነቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲጫን ዘንጉ ስለሚዞር፣ የውስጥ ቀለበቱ ዘንጉን አጥብቆ መያዝ አለበት። ከላላ በዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ ይፍቀዋል፤ ቀይ ቡናማ የብረት ዱቄትም ይተዋል። ስለዚህ ንድፍ አውጪው በሥዕሉ ላይ ⌀40 k5 ብሎ ይጽፋል። ዘንጉ ከ40.002 እስከ 40.013 ሚሊ ሜትር ይወፍር ማለቱ ነው። የኩሽኔታው ቀዳዳ ደግሞ ከ39.988 እስከ 40.000 ሆኖ ስለሚሠራ፣ ዘንጉ ከቀዳዳው ቢያንስ በ2፣ ቢበዛ በ25 ማይክሮን ይበልጣል። ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺኛ ነው።

ብዙ ሥዕሎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ይህ ግን ለኩሽኔታ አይበቃም። ዘንጉ ያለ ማዕከል በሚሠራ ግራይንደር ተሞርዶ ሦስት ለስላሳ ጉብታዎች ቀርተውበታል እንበል። ማይክሮሜትር የሚለካው በሁለት ተቃራኒ ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ነው፤ በአንድ በኩል ጉብታ ካለ በተቃራኒው ዝቅታ አለና የትም ቢለካ 40.006 ይላል። ጉብታና ዝቅታው በ8 ማይክሮን ከተለያዩ ግን ዘንጉን ሙሉ በሙሉ የሚያቅፈው ትንሹ ክብ 40.014 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከተፈቀደው በላይ ማለት ነው። የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት ቀጭን ስለሆነ የዘንጉን ቅርጽ ይወስዳል። ኳሶቹ በየዙሩ ሦስት ጊዜ ይጠብባቸዋል፤ ኩሽኔታው ይሞቃል፣ ይጮኻልም።

እዚህ ላይ ሥዕሉ የሚነበብበት ደረጃ ለውጥ ያመጣል። በአሜሪካው የኤኤስኤምኢ ዋይ14.5 ደረጃ መጠኑ ብቻ ከተጻፈ ዘንጉ ፍጹም ክብ ከሆነ የ40.013 ሲሊንደር እንዳይወጣ በራሱ ይገደዳል። በአይኤስኦ 8015 ግን መጠንና ቅርጽ ለየብቻ ይታያሉ፤ ያንኑ ግዴታ ለማምጣት ከመጠኑ ጎን Ⓔ መጻፍ ያስፈልጋል። ሆኖም Ⓔ ቢኖርም 40.004 የሚለካ፣ በ8 ማይክሮን የጎበጠ ዘንግ ያልፋል፤ አቃፊው ክብ 40.012 ነውና።

መፍትሔው የሲሊንደርነት ምልክት ነው፦ ⌭ 0.005። የዘንጉ ገጽ በሙሉ፣ ዙሪያውም ርዝመቱም፣ አንድ ማዕከል ባላቸው ሁለት ሲሊንደሮች መካከል ይውደቅ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተትም 5 ማይክሮን ይሁን ይላል። ቁጥሩ የኩሽኔታ አምራቾች ለመደበኛ ሥራ ከሚመክሩት የተገኘ ነው፤ በዚህ ውፍረት የአምስተኛው ደረጃ ቶለራንስ 11 ማይክሮን ሲሆን፣ ለቅርጽ ግማሹ ይወሰዳል። በሳጥኑ ውስጥ ⌀ መጨመር ስህተት ነው፤ ክፍተቱ የሚለካው በራዲየስ በኩል ነውና። የማጣቀሻ ፊደልም አይገባም፤ ገጹ የሚመዘነው ከራሱ ጋር ብቻ ነው።

ማጣቀሻ የሚያስፈልገው ሁለቱ የኩሽኔታ መቀመጫዎች በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ስንጠይቅ ነው። አንዱን መቀመጫ A፣ ሌላውን B ብለን፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ⌰ 0.005 A-B እንጽፋለን። ዘንጉ በሁለቱ መቀመጫዎች በሚፈጠረው የጋራ መስመር ላይ ሲዞር፣ በገጹ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚሄደው ዳያል ጌጅ ከ5 ማይክሮን በላይ አይንቀሳቀስ ማለት ነው። የማጣቀሻው ሦስት ማዕዘን ከመጠን መስመሩ ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ትክ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ መሃል መስመሩ ላይ ብቻ ከተለጠፈ መለኪያ የሚነካው ነገር የለም፤ ቶርኖ ላይ ያለው ሰው የመሰለውን ይመርጣል። Ⓜም እዚህ ቦታ የለውም። እሱ ቀዳዳ ውስጥ በክፍተት ለሚገባ ብሎን የሚጠቅም ፈቃድ ነው፤ ጠብቆ ለሚገባ ኩሽኔታ ግን ዘንጉ ስለቀጠነ ብቻ ተጨማሪ መወላገድ አይፈቀድለትም።

ጥሩ የክብነት መለኪያ ማሽን የሌለው ወርክሾፕ ዘንጉን በ90 ዲግሪ ቪ-ብሎክ ላይ አስቀምጦ በዳያል ጌጅ እያዞረ ይፈትናል። ሦስት ጉብታ ካለው መርፌው ከእውነተኛው ስህተት እጥፍ ያህል ያሳያል። ሰባት ጉብታ ካለው ግን ይኸው ቪ-ብሎክ ምንም አያሳይም፤ ስለዚህ ማዕዘኑ የተለየ ሌላ ቪ-ብሎክም መጠቀም ይገባል።

ቀለበቱ የሚደገፍበት ትከሻም ↗ 0.01 A-B ያስፈልገዋል፤ ትከሻው ካዘነበለ ጠብቆ የገባው ቀለበት አብሮ ያዘነብላል። በትከሻውና በመቀመጫው መገናኛ ያለው ጥምዝ ግን በዚህ ሳጥን አይያዝም። የ6208 ጠርዝ ጥምዝ ቢያንስ 1.1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ የዘንጉ ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ከበለጠ ቀለበቱ ጥምዙ ላይ ይቆማል፤ ትከሻውንም አይነካውም።